ሳማ በድስት ወይስ በሲኒ? የሚያሸና ኪኒንና ሊቲየም ለሚወስዱ የንጽጽር መመሪያ

አክስቴ ከደብረ ብርሃን የደወሉልኝ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ጥላ ሥር ያደረቁትን አንድ ፌስታል ሳማ ፍራንክፈርት ላለው ልጃቸው የሚያደርስ መንገደኛ አግኝተዋል። «ሻይ አፍልቶ ይጠጣው፤ ደሙንም ያጠራለታል። እኔስ ግን ትኩሱን እንደ ጎመን ልብላው ወይስ አድርቄ ልጠጣው? አንተ ፋርማሲስት አይደለህ፣ ንገረኝ እስቲ» አሉኝ። እሳቸው ለደም ግፊት ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ኢናላፕሪል ይወስዳሉ። ልጃቸው ደግሞ ለባይፖላር ሕመሙ ሊቲየም ከጀመረ አራት ዓመት አልፎታል።

ጥያቄያቸው አንድ ይምሰል እንጂ መልሱ ለእናትና ለልጅ የተለያየ ነው። ልዩነቱን የሚወስነው ደግሞ የሳማው ውኃ ነው። ቅጠሉ የተቀቀለበት ውኃ ተደፋ? ወጡ ውስጥ ቀረ? ወይስ ቅጠሉ ተጥሎ ውኃው ብቻ ተጠጣ? ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የሚዞረው በዚሁ ላይ ነው።

ድስት ውስጥ ያለው ሳማ

የኛ ደጋ ሳማ በሳይንስ ስሙ ኡርቲካ ሲሜንሲስ ይባላል። ከኢትዮጵያ ውጭ የማይበቅል ነው፤ ስሙም የስሜንን ተራራ ያስታውሳል። አውሮፓ በየአጥሩ ሥር የሚበቅለውና በሻይ ፓኬት ታሽጎ የሚሸጠው የቅርብ ዘመዱ ኡርቲካ ዲዮይካ ነው። የምጠቅሳቸው የምግብ ይዘት ቁጥሮች የዚያ የዘመዱ ናቸው፤ የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር የምግብ ሠንጠረዥ ላይ የሚገኙ፣ በፈላ ውኃ ለተቀቀለ ቅጠል የተለኩ። ለኛው ሳማ እንደ ግምት ይያዙ።

100 ግራም የተቀቀለ ሳማ፣ ማለትም አንድ ሰው በእንጀራ የሚበላው ያህል፣ ወደ 480 ሚሊግራም ካልሲየም አለው። አንድ አዋቂ በቀን ከሚያስፈልገው 1000 ሚሊግራም ግማሹ ሊሞላ ምንም አልቀረው። አንድ ብርጭቆ ወተት የሚሰጠው ወደ 300 ሚሊግራም ስለሆነ፣ በጾም ወራት ወተት ለማይቀምስ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቃጫው ወደ 7 ግራም፣ ፕሮቲኑ ከ2.5 ግራም በላይ ነው። ቫይታሚን ኬ ደግሞ ወደ 500 ማይክሮግራም ይደርሳል፤ የአንድ ቀን ፍላጎት ከአራት ጊዜ በላይ ማለት ነው። ዋርፋሪን የምትወስዱ ሰዎች ይህቺን የመጨረሻ ቁጥር ልብ በሉ፤ ሳማ በአንድ ሳምንት በብዛት በልቶ በሚቀጥለው መተው የደም ማቅጠኛውን ልክ ያዛባል።

ብረቱ ግን እንደሚወራለት አይደለም። «ደም ይሞላል» እየተባለ ደም ላነሳቸው ሴቶች ይሰጣል፤ በ100 ግራም ያለው ብረት ግን 1.6 ሚሊግራም አካባቢ ብቻ ነው። በወር አበባ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት በቀን 18 ሚሊግራም ያስፈልጋታል ተብሎ ሲታሰብ፣ ሙሉ ሳህን ሳማ አንድ አሥረኛውን እንኳ አይሞላም። የዕፅዋት ብረት ደግሞ አንጀት ቶሎ አይቀበለውም። ከምግቡ በኋላ ወዲያው ቡና ሲፈላ ያቺኑ ጥቂቷን ይቀንሳታል። ሎሚ ጨምቆበት፣ ቡናውን አንድ ሰዓት አዘግይቶ መጠጣት ይረዳል። ደም ማነሷ በምርመራ የታወቀ ሴት ግን የብረት ኪኒኗን በሳማ መተካት የለባትም።

አሠራሩን አክስቴ እንደሚሠሩት ልንገራችሁ። የሚለቀመው አበባ ሳያወጣ፣ ከጫፉ ያለው ለጋው ቅጠል ነው። ያረጀው ቅጠል ውስጥ የኖራ ድንጋይ ዓይነት ጥቃቅን ፍሬ ስለሚጠራቀም አፍ ውስጥ እንደ አሸዋ ይንቋቋል። አክስቴ እጃቸውን በፌስታል ጠቅልለው ይቀጥፉታል፤ ሰፊ ሳፋ ላይ ውኃ ሞልተው በማማሰያ እየገፉ ያጥቡታል። ከዚያ የፈላ ውኃ ውስጥ ይጨምሩታል። የሚለበልበው ፀጉር ጫፉ እንደ መስተዋት ተሰባሪ ነው፤ ቆዳ ሲነካው እንደ መርፌ ተወግቶ ሂስታሚንና መሰል ነገሮችን ይለቃል። ፈላ ውኃ ውስጥ አንድ ሁለት ደቂቃ ከቆየ ግን አለቀለት፣ አይለበልብም። አክስቴ አምስት ደቂቃ ያህል ያቆዩታል፤ ውኃው ሻይ እስኪመስል ድረስ ጠቁሮ ይወጣል። በወንፊት አጥልለው፣ ጨመቅ አድርገው፣ ሙቀጫ ውስጥ ይደልዙታል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በዘይት አቁላልተው ከጨመሩት በኋላ ጥቂት የባቄላ ዱቄት በትነው ያወፍሩታል፤ ጨውና ቃሪያ በመጨረሻ ይገባል። ፌስታል ሙሉ ቅጠል ሲበስል ሁለት ሰው የሚበላው ብቻ ነው የሚተርፈው።

ያ የጠቆረው ውኃ የት እንደሚሄድ ጠየቅኳቸው። «አንዳንዴ እደፋዋለሁ፣ አንዳንዴ ወጡን አቀጥንበታለሁ» አሉ። ለጤናማ ሰው ሁለቱም ይሆናል። ውኃው ውስጥ ፖታሲየሙ ከፊሉ፣ ቫይታሚን ሲውና የቅጠሉ የሚሟሙ ነገሮች ይወጣሉ። ካልሲየሙ አብዛኛው፣ ቫይታሚን ኬውና ቃጫው ግን ቅጠሉ ጋ ይቀራሉ። ስለዚህ ውኃውን የደፋ ሰው የሚያጣው የምግብነቱን ትልቁን ክፍል አይደለም።

ሲኒ ውስጥ ያለው

ሻዩ የሚያስገርም ሂሳብ አለው። 100 ግራም የተቀቀለ ሳማ ውስጥ 88 ግራም ያህሉ ውኃ ነው፤ ደረቁ ቅጠል 12 ግራም ገደማ ነው። ለአንድ ሲኒ ሻይ የሚገባው ደረቅ ቅጠል ደግሞ 2 ወይም 3 ግራም ነው። ስለዚህ አንድ ሳህን ሳማ ከአራት እስከ ስድስት ሲኒ ሻይ የሚሆን ቅጠል ይዟል፤ ያውም ሻዩን የሚጠጣው ሰው ቅጠሉን አጥልሎ ይጥለዋል። ቫይታሚን ኬ በዘይት እንጂ በውኃ አይሟሟም፤ ቃጫውና ፕሮቲኑም ከተጣለው ቅጠል ጋር ይሄዳሉ። ለምግብነቱ ብሎ ሳማ የሚፈልግ ሰው ከሻይ የሚያገኘው ትንሽ ነው። ይህን በግልጽ የምናገረው ሻዩን በውድ ዋጋ እየገዙ «ካልሲየሜን እየጠጣሁ ነው» የሚሉ ሰዎች መስኮቴ ላይ ስለሚመጡ ነው።

ሻይ የሚጠጣበት እውነተኛ ምክንያት ሌላ ነው፦ ያሸናል ተብሎ። በጀርመን ዕፅዋትን ይመረምር የነበረው ኮሚሽን ኢ የሳማ ቅጠልን በቀን ከ8 እስከ 12 ግራም፣ ከብዙ ፈሳሽ ጋር፣ የሽንት መስመርን ለማጠብ እንዲያገለግል ፈቅዶት ነበር። የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲም ለዚሁ ጉዳይ ከቆየ ልማድ የመጣ አገልግሎት ብሎ መዝግቦታል። ሆኖም ፈሳሽ እንዲቀንሱ የታዘዙ የከባድ ልብና የኩላሊት ሕሙማን፣ እንዲሁም ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች እንዳይጠቀሙት ያሳስባል። በአይጦች ላይ በተደረገ ጥናት ደግሞ የቅጠሉ የውኃ ጭማቂ ሽንትንም በሽንት የሚወጣውን ጨውም ጨምሯል። በሰው ላይ ያለው ማስረጃ ደካማ ነው፤ አቅሙም ከኪኒን ጋር አይወዳደርም። አቅጣጫው ግን ያው ነው፤ ውኃና ጨው ወደ ውጭ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። 12 ግራም ደረቅ ቅጠል የተባለው የጀርመኖቹ የቀን መጠን፣ አንድ ሳህን ሳማ ውስጥ ያለው ቅጠል ጋር እኩል ነው። እንግዲህ ውኃው ሳይደፋ የተሠራ ቀጭን የሳማ ሾርባ «ምግብ ነው፣ ምን ያመጣል» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። የሻዩን መጠን ሙሉ በሙሉ ይዟል። ምግቡን ከመድኃኒቱ የሚለየው ወንፊቱ ነው።

የሚያሸና ኪኒን ለሚወስድ

«የሚያሸና ኪኒን» የምንላቸው ሁሉ አንድ አይደሉም። ከሳማ ጋር ሲገናኙ የሚያሳስቡበት ምክንያት በሁለት ይከፈላል።

ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ፉሮሴማይድ ፖታሲየምንም ሶዲየምንም ከውኃ ጋር ያስወጣሉ። እነዚህን የሚወስድ ሰው በቀን አራት ሲኒ የሳማ ሻይ ሲጨምርበት፣ ፍርሃቱ ውኃው ከሰውነት ከልክ በላይ እንዳይወጣና ግፊቱ እንዳይወርድ ነው። ይህ የሚታወቀው ከመኝታ ሲነሱ ዓይን በመጨለሙ፣ በሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ለሽንት በመነሣት፣ አፍ በመድረቅ፣ እግር በመኮማተር ነው። የግፊት መለኪያ ቤት ያለው ሰው ተቀምጦ አንዴ፣ ቆሞ ሁለት ደቂቃ ቆይቶ አንዴ ይለካ። ቆሞ ሲለካ ላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ሻዩን ያቁም፤ ለሐኪሙም ይንገር። ተቀቅሎ ውኃው የተደፋ ሳማ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው እንደማንኛውም ጎመን ነው።

ስፓይሮኖላክቶን ግን ተቃራኒ ነው፤ ፖታሲየምን ሰውነት ውስጥ ያስቀራል። ኢናላፕሪልም የሚያሸና ባይሆንም ፖታሲየምን ከፍ ያደርጋል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ሁለቱን አብሮ ሲወስድ ከምግቡ የሚገባው ፖታሲየም ይቆጠራል። ተቀቅሎ የተጠለለ ሳማ በ100 ግራም 330 ሚሊግራም አካባቢ ነው፤ ከአንድ መካከለኛ ሙዝ ያንሳል። ስለዚህ አንድ ሳህን በሳምንት አንድ ሁለቴ መብላት አያስፈራም። የሚያስፈራው ውኃውን ከነምኑ መጠጣት፣ በዚያ ላይም «የጨው ምትክ» ተብሎ የሚሸጠውን ዱቄት መነስነስ ነው፤ ይህ ዱቄት ራሱ ፖታሲየም ክሎራይድ ነው። ፖታሲየም ሲበዛ ብዙውን ጊዜ ምልክት አይሰጥም፤ የሚያስታውቀው የደም ምርመራ ነው።

ሊቲየም ለሚወስድ

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልሄድ፤ አደጋው ያለው እዚህ ነውና።

ሊቲየም ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ነው። ኩላሊት ሊቲየምን ከሶዲየም ለይቶ አያውቀውም። ደም ሲጣራ ሁለቱም አብረው ያልፋሉ፤ አብዛኛውም ተመልሶ ወደ ደም ይገባል። ሰውነት ጨው ወይም ውኃ ሲያጣ ኩላሊት «ጨው አጥቻለሁ» ብሎ ይሰስታል፤ ሶዲየም የመሰለውን ሁሉ አጥብቆ ይመልሳል። ሊቲየሙም አብሮ ይመለሳል። በዚህ ምክንያት ኪኒኑ ሳይጨመር፣ በሽተኛው ምንም ሳያጠፋ፣ ደሙ ውስጥ ያለው የሊቲየም መጠን ከፍ ይላል።

ችግሩ መድኃኒት የሚሆንበትና መርዝ የሚሆንበት መጠን በጣም የተቀራረቡ መሆናቸው ነው። ብዙ ሰው የሚያዝበት ልክ በሊትር ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል ነው። 1.5 ሲያልፍ መመረዝ ይጀምራል፤ 2 ሲያልፍ ከባድ ነው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሊቲየምን መጠን በተለምዶ ከ25 እስከ 40 በመቶ ከፍ ያደርጋል። ስናሰላው በ0.9 የተረጋጋ ሰው ወደ 1.1 ወይም 1.3 ይደርሳል ማለት ነው። በዚያው ሳምንት ተቅማጥ ቢይዘው ወይም ለወገብ ሕመሙ አይቡፕሮፌን ቢውጥ 1.5ን ሊያልፍ ይችላል፤ ህመም ማስታገሻዎቹ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ራሳቸው ሊቲየምን ያስቀራሉና።

የሳማ ሻይ እንደ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ኃይለኛ አይደለም፤ በሊቲየም ላይ ስንት በመቶ እንደሚጨምር የሚናገር ልኬትም የለም። ይሁንና «ዕፅዋት ነው» የሚለው መተማመኛ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ የሥነ አእምሮ መጽሔት ላይ የታተመ የአንዲት ወጣት ሴት ታሪክ አለ። ሊቲየም እየወሰደች ክብደት ለመቀነስ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ፣ ከተለያዩ የሚያሸኑ ዕፅዋት የተቀመመ ኪኒን ጀመረች። ሆስፒታል ስትደርስ የደሟ ሊቲየም 4.5 ነበር። ቅልቅሉ ውስጥ ሳማ አልነበረም፤ የመጣበት መንገድ ግን ያው ነው።

አንድ የማይታሰብ ነገር ደግሞ አለ። አደጋው ሻዩን ሲጀምሩ ብቻ ሳይሆን ልማዱ ሲቀያየርም ነው። ዛሬ አምስት ሲኒ፣ ነገ ምንም፣ ከነገ ወዲያ ጾም ተብሎ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አለመቅመስ፣ ከዚያ ጨው የሌለው ምግብ። ሐኪሙ የኪኒኑን ልክ ያወጣው አንድ ዓይነት ጨውና አንድ ዓይነት ውኃ ይገባል ብሎ ነው። ሊቲየም የሚወስድ ሰው ውኃ ሳይጠጣ ለመጾም ሲያስብ ለንስሐ አባቱም ለሐኪሙም አስቀድሞ ይንገር፤ ረመዳን ለሚጾመውም እንዲሁ። የጾሙ ማፍጠሪያ የሳማ ሻይ ከሆነ ደግሞ ሁለቱ ነገሮች ተደራረቡ ማለት ነው።

እንዴት ይታወቃል? ሊቲየም የሚወስድ ብዙ ሰው እጁ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ይህ የተለመደ ነው። መጠኑ ከፍ ሲል ግን መንቀጥቀጡ ይጎላል። ሲኒ ሲያነሣ ቡናው ይፈስሳል፣ ቁልፍ ቀዳዳው ውስጥ አልገባ ይለዋል። ከዚያ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ ተቅማጥ ይከተላል፤ አረማመዱ እንደ ሰከረ ሰው ይሆናል፣ ምላሱ ይተሳሰራል፣ ነገር ይምታታበታል። ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ተቅማጡን ሲያይ «ሆዱ ተበላሽቶ ነው» ብሎ ሌላ ሻይ ሲያፈላለት ነው። ተቅማጡ ራሱ ውኃና ጨው እያስወጣ ደም ውስጥ ያለውን ሊቲየም የበለጠ ከፍ ያደርገዋል። እነዚህ ምልክቶች ከታዩ ቀጣዩን ኪኒን ሳይውጡ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው፤ የኪኒኑንም ዕቃ፣ የሻዩንም ፓኬት ይዞ።

ለእናትና ለልጅ የነገርኳቸው

ለአክስቴ ምርጫው ቀላል ነበር። የሚፈልጉት ካልሲየሙንና ጣዕሙን ስለሆነ ድስቱን መረጥንላቸው፤ ውኃው ይደፋ፣ በሳምንት ሁለቴ ይብሉት። ሻዩን ከግፊት ኪኒናቸው ላይ እንዳይደርቡት ነገርኳቸው። በሚቀጥለው ቀጠሯቸው ፖታሲየማቸውና የኩላሊት ሥራቸው እንዲታይ አስታወስኳቸው፤ ኢናላፕሪል ለሚወስድ ሰው ሳማ ባይኖርም መደረግ ያለበት ነገር ነው።

ልጃቸውን እኔው ደወልኩለት። ለካ እናቱ የላኩት ሳይደርስ፣ እዚያው ከሱፐርማርኬት የገዛውን የሳማ ሻይ ከጀመረ አሥር ቀን ሆኖታል፤ በቀን ሦስት ሲኒ። «ለኩላሊት ጥሩ ነው ተብሎ ነው እኮ የተጻፈበት» አለኝ። እጁ እንዴት እንደሆነ ጠየቅኩት፤ እንደ ወትሮው ነው አለ። ተቅማጥ የለም፣ መንገዳገድ የለም። የዚያን ቀን ሻዩን እንዲያቆም፣ በሳምንቱ ውስጥ ሐኪሙ ዘንድ ቀርቦ ሊቲየሙን እንዲለካ መከርኩት። የሚለካበትንም ሰዓት ነገርኩት፦ የማታውን ኪኒን ከዋጠ ከ12 ሰዓት በኋላ፣ የጠዋቱን ሳይውጥ። ኪኒኑን ውጦ የተለካ ደም ከፍ ያለ ቁጥር ስለሚያሳይ ያለምክንያት ያስደነግጣል። ሻዩንም ሲያቆም የሰውነቱ ውኃና ጨው እንደገና ስለሚስተካከል፣ አንድ ሳምንት ያህል ቆይቶ ሌላ ልኬት ቢደረግ ጥሩ ነው አልኩት።

ሊቲየም የሚወስድ ሁሉ ሳማ አይቅመስ አልልም። ተቀቅሎ የተጠለለ፣ እንደ ሌላው ወጥ ጨው የገባበት፣ በሳህን ልክ የሆነ ሳማ ምግብ ነው፤ ሐኪሙ እያወቀ ሊበላው ይችላል። የሚተወው ሻዩ፣ ያልተደፋው ሾርባና «ኩላሊት ያጥባል» ተብሎ በቅልቅል የሚሸጠው ነው።

አክስቴን መልሼ ስደውል ያሳሰባቸው የደረቀው ፌስታል ነበር። «ታዲያ ልጣለው? ስንት ቀን ነው የደከምኩበት!» አሉ። እንዳይጥሉት ነገርኳቸው፤ የደረቀው ቅጠልም ተቀቅሎ፣ ውኃው ተደፍቶ፣ ወጥ ውስጥ ይገባል። መንገደኛዋ ፌስታሉን ይዛ ሄደች። ከላዩ ላይ አክስቴ በእስክሪብቶ አጽፈውበታል፦ «በሽሮ ብላው፤ አትጠጣው፤ ውኃውን ድፋ።»